የጥናት ጽሑፍን ወደ አማርኛ ስንመልስ፦ የቱን ቃል፣ የቱን ዓመት፣ የቱን ስም እንምረጥ?

«በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 44 በመቶዎቹ ቀንጭረው ተገኝተዋል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት ለጤና ባለሙያዎች በተረጎምኩት ጽሑፍ ውስጥ ነበር። ጥናቱ አለ። 44 በመቶውም ልክ ነው። «መቀንጨር» የሚለው ቃልም ቦታውን ይዟል። ስህተቱ ያለው «ዓ.ም.» በምትለው ውስጥ ነው። 2011 የተጻፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነበር፤ በእኛ 2003 መሆኑ ነው። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ በእኛ 2011 ሌላ ሀገር አቀፍ ጥናት መኖሩ ነው። በፈረንጆቹ 2019 የወጣው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃው የተሰበሰበው በእኛ 2011፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ነው። የዚያኛው ውጤት 37 በመቶ ነበር። እኔ በሁለት ፊደል የአንዱን ውጤት ለሌላው ሰጠሁት። የስምንት ዓመት ለውጥም አብሮ ጠፋ።

የጥናት ጽሑፍ ሲተረጎም የሚበላሸው እንዲህ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ያምራል፣ አንባቢ አይጠራጠርም፣ ግን የተባለው ነገር ሌላ ሆኗል። ስለዚህ ከዚህ በታች በእጄ ያሉትን አማራጮች እያነጻጸርኩ የቱን መቼ እንደምመርጥ እጽፋለሁ። ምሳሌዬ ከአንድ መስክ ብቻ ነው፤ ከሕፃናት ሥነ ምግብ። እዚህ መስክ ውስጥ ጥሩ የአማርኛ ቃል ያለውም፣ የሌለውም፣ ያለው ግን የሚያሳስተውም ስላለ ለንጽጽር ይመቻል።

ቃሉን መተርጎም፣ እንዳለ መጻፍ፣ ወይስ ትርጉሙን መዘርዘር?

ለአንድ ሙያዊ ቃል ሦስት መንገድ አለ። አንዱ የአማርኛ ቃል መስጠት ነው። ሁለተኛው የእንግሊዝኛውን ድምፅ በፊደላችን መጻፍ። ሦስተኛው ቃል መፈለግ ትቶ ነገሩን በሐረግ መግለጽ። ብዙ ተርጓሚ አንዱን መርጦ ጽሑፉን በሙሉ በዚያው ይወጣዋል። እኔ ግን ምርጫው ቃል በቃል መሆን አለበት እላለሁ።

«ስታንቲንግ»ን እንውሰድ። በሙያው ትርጉሙ የሕፃኑ ቁመት ለዕድሜው ከሚጠበቀው መካከለኛ ልክ ከሁለት መደበኛ ልይይት በታች መውረዱ ነው። የሚለካበት ሰንጠረዥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ለዚህ «መቀንጨር» አለን። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም ከገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ወዲህ በሬዲዮም፣ በጤና ጣቢያም፣ በቀበሌ ስብሰባም ይሰማል። እዚህ ላይ «ስታንቲንግ» ብሎ መጻፍ አንባቢን ያለ ምክንያት ማራቅ ነው። ቃሉን ተርጉሙት፣ መጀመሪያ ሲመጣ ልኩን አንዴ ጻፉለት፣ ከዚያ በኋላ ሳትቀያይሩ ተጠቀሙበት።

«ዌስቲንግ» ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለያል። ይኸኛው ክብደት ከቁመት ጋር ሲነጻጸር ነው። አንዳንዱ «መቀጨጭ»፣ አንዳንዱ «መክሳት» ይለዋል። ችግሩ በተራው አነጋገራችን «ቀጨጨ» እና «ቀነጨረ» የሚሉት ቃላት መቀራረባቸው ነው። እናት «ልጄ ቀጨጨብኝ» ስትል አላድግ አለኝ ማለቷም ሊሆን ይችላል። አንድ ጽሑፍ ውስጥ «መቀንጨር 38 በመቶ፣ መቀጨጭ 10 በመቶ» ብላችሁ ብትጽፉ ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ የሚገባው አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ቁጥሮቹ የ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት ናቸው፤ እውነት ናቸው፤ ግን ለአንባቢው ምንም አልነገሩትም። እዚህ ላይ ሦስተኛውን መንገድ እመርጣለሁ፦ «ለቁመት ክብደት ማነስ»። ሦስተኛው እህታቸው «አንደርዌይት» ደግሞ «ለዕድሜ ክብደት ማነስ» ትሆናለች። ቃላቱ ይረዝማሉ። ግን ምን ከምን ጋር እንደተመዘነ በራሳቸው ይናገራሉ፤ የሁለቱ መመሳሰልና ልዩነትም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ድምፁን በፊደል የምጽፈው የአማርኛው ቃል ሌላ ነገር ይዞ የሚመጣ ሲሆን ነው። «ኦድስ» ዋናው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«ፕሪቫለንስ» እና «ኢንሲደንስ» የሚባሉት ላይም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለቱንም «ስርጭት» ማለት ተለምዷል። የመጀመሪያው በአንድ ወቅት ችግሩ ያለባቸው ስንት ናቸው የሚል ነው። ሁለተኛው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አዲስ የተያዙት ስንት ናቸው የሚል። አንደኛውን «የስርጭት መጠን» ካላችሁ ሁለተኛውን «አዲስ የመከሰት መጠን» በሉት። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱም «ስርጭት» ከሆኑ ተርጓሚው ጥናቱን ሳይገባው ነው የተረጎመው።

«ተያያዥ» የነበረው «መንስኤ» ሲሆን

በሥነ ምግብ ላይ የሚወጡ የሀገራችን ጥናቶች ርዕስ ብዙ ጊዜ አንድ ቅርጽ አለው። «የመቀንጨር መጠንና ከእርሱ ጋር የተያያዙ ጉዳዮች፣ በእንዲህ ያለ ወረዳ» ይላል። ወደ አማርኛ ሲመጣ «የመቀንጨር መጠንና መንስኤዎቹ» ሆኖ ያርፋል። ለጆሮ ይጥማል። ግን ጥናቱ ያላለውን እያስባለው ነው።

እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው መረጃቸውን በአንድ ጊዜ የሚሰበስቡ ናቸው። ልጁ ዛሬ ይለካል፤ እናቱም ዛሬ ትጠየቃለች። የቱ ቀድሞ የቱ ተከተለ የሚለውን አያውቁም። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ የነበረበት ልጅ ቀንጭሮ ቢገኝ ተቅማጡ አቀነጨረው ወይስ የተዳከመው ልጅ ነው ለተቅማጥ የተጋለጠው? ጥናቱ አይመልስም። ደራሲዎቹም ይህን አውቀው ነው «የተያያዙ» ያሉት። አማርኛው ላይም «ተያያዥ ጉዳዮች» ይበቃል። ግሱን ስትጽፉም «አስከተለ»፣ «ዳረገ»፣ «ምክንያት ሆነ» የሚሉትን ተዉ። «ተያይዞ ተገኝቷል»፣ «ባላቸው ዘንድ በዝቶ ታይቷል» በሉ።

«ጉልህ» የምትለው ቃልም አብራ ትነሳለች። «በስታቲስቲክስ ጉልህ» ማለት ልዩነቱ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም ማለት ነው። ትልቅ ልዩነት ነው ማለት አይደለም። «በስታቲስቲክስ» የምትለው ከተጣለች ግን አማርኛ አንባቢ «ጉልህ ልዩነት»ን ትልቅ ልዩነት ብሎ ነው የሚያነበው፤ ልክም ነው፣ ቃሉ በእኛ ዘንድ ትርጉሙ ያ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አትነጣጥሏቸው። ለሰፊው ሕዝብ ከሆነ የምትጽፉት ደግሞ «ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል» ብትሉ ይሻላል።

አሁን ወደ ኦድስ። እንደዚህ ያለ ውጤት እንበል፤ ለማሳያ ያዘጋጀሁት ነው፣ ቅርጹ ግን በየጥናቱ የምታዩት ነው፦ `AOR = 2.1 (95% CI: 1.3, 3.4)`። `AOR` የአንዱ ቡድን ኦድስ የሌላው ስንት እጥፍ እንደሆነ ይናገራል፤ እዚህ የሚነጻጸሩት የተሰባጠረ ምግብ ያላገኙና ያገኙ ሕፃናት ናቸው። የሚመጣልን አማርኛ ይህ ነው፦ «የተሰባጠረ ምግብ ያላገኙ ሕፃናት የመቀንጨር ዕድላቸው 2.1 እጥፍ ነው።» እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ጽፌያለሁ።

ከተሰባጠረ ምግብ ካገኙት 100 ሕፃናት 30ዎቹ የቀነጨሩ ናቸው እንበል። ኦድስ ማለት የሆነባቸው ላልሆነባቸው ሲካፈል ነው፤ 30 ለ70። ከዚያ እንዲህ ይሄዳል፦

```
30 ÷ 70 = 0.43
0.43 × 2.1 = 0.90
0.90 ÷ (1 + 0.90) = 0.47
```

ምግቡን ካላገኙት ከ100 ውስጥ 47 ያህሉ ቀንጭረዋል ማለት ነው። ከ30 ወደ 47 ደግሞ 1.6 እጥፍ ገደማ ነው። «2.1 እጥፍ ዕድል» ያልነው አንባቢ ግን 30ን በ2.1 አባዝቶ 63 ይለናል። 16 ልጅ ከየት መጣ? ከትርጉሙ መጣ። ችግሩ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ይቀራረቡ ነበር። መቀንጨር ግን ከሦስት ሕፃናት ከአንድ በላይ የሚይዝ በመሆኑ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

እዚህ ላይ ያሉት አማራጮች ግልጽ ናቸው። «ዕድል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ያሳስታል። መቶኛውን አስልቶ መጻፍ ለአንባቢ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከላይ ያየነው ስሌት ግምታዊ ነው። `AOR` የሌሎች ነገሮች ተጽዕኖ ከተቀነሰለት በኋላ የመጣ ቁጥር ስለሆነ ተርጓሚው የራሱን መቶኛ ደራሲዎቹ አፍ ውስጥ መክተት የለበትም። ስለዚህ ለተማሪና ለተመራማሪ ስጽፍ «የተስተካከለ ኦድስ ሬሾ 2.1፤ 95% የመተማመኛ ክልል ከ1.3 እስከ 3.4» ብዬ ቁጥሩን እንዳለ አስቀምጣለሁ። ኦድስ ምን እንደሆነም መጀመሪያ ሲነሳ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳለሁ። ለሌላ አንባቢ ከሆነ ጥናቱ ራሱ በሰንጠረዡ ያሰፈረውን የየቡድኑን መቶኛ ወስጄ እጽፋለሁ። «በ2.1 እጥፍ ይጨምራል» የሚለውን ግን ለማንም አልጽፍም። አንዱ ሰው 2.1፣ ሌላው 3.1 አድርጎ ይረዳዋል።

ማጣቀሻው፦ ቁጥር ወይስ ስም?

አኅፅሮተ ጥናት ላይ ማጣቀሻ እምብዛም የለም። ሙሉውን ጽሑፍ ስትይዙ ነው ጣጣው የሚጀምረው። የጤና መጽሔቶች በብዛት የሚጠቀሙት የቁጥር ማጣቀሻ ነው፤ `[7]`፣ `[8]` እያለ የሚሄደው። ለተርጓሚ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ስም መጻፍ የለም፣ ዓመት መቀየር የለም። ግን የራሱ ወጥመድ አለው።

የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር መቀንጨር ከእናት ትምህርት `[7]` እና ከተቅማጥ `[8]` ጋር ተያይዟል ብሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ «ምንም እንኳ አንድ ጥናት ከልደት ተራ ጋር ግንኙነት ባያገኝም `[9]`» ብሎ ይዘጋል። አማርኛ «ምንም እንኳ»ን ወደ ፊት ይስባል። ስለዚህ የእኛው ዓረፍተ ነገር ሲስተካከል ቁጥሮቹ 9፣ 7፣ 8 እያሉ ይመጣሉ። ሲደክም ወይም ሲቸኩል ተርጓሚው ቁጥሮቹን በቅደም ተከተላቸው 7፣ 8፣ 9 ብሎ ይተክላቸዋል። ያኔ ሦስቱም ማጣቀሻ የተሳሳተ ሐሳብ ላይ ተለጠፈ። ይህን ስህተት ለመከላከል አንድ ልማድ ይዣለሁ፦ መተርጎም ከመጀመሬ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር የሚደግፈው ቃል ላይ አጣብቄ አስቀምጠዋለሁ፤ «ተቅማጥ[8]» አድርጌ። ከዚያ ሐረጉ የትም ቢሄድ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል።

ታዲያ 9፣ 7፣ 8 ብሎ መተው ነው ወይስ እንደ አዲስ መቁጠር? የታተመ ጽሑፍ ትርጉም ከሆነ ይተው። አንባቢው የአማርኛውን ይዞ ዋናውን ሲከፍት 9 ቁጥር 9 ቁጥር ሆኖ መገኘት አለበት። እንደ ዞቴሮ ያለ የማጣቀሻ መሣሪያ የምትጠቀሙ ይህን ልብ በሉ። የቁጥር ዘይቤ ከመረጣችሁ መሣሪያው በአማርኛው ቅደም ተከተል ከአንድ ጀምሮ ራሱ ይቆጥርላችኋል፤ ከዋናው ጋር ያለው ግጥጥም ያን ጊዜ ይፈርሳል። ለትርጉም ቁጥሮቹን እንደ ተራ ጽሑፍ መተየብ ይሻላል። የራሳችሁን ጽሑፍ በአማርኛ ስትጽፉ ግን መሣሪያው ይሥራላችሁ።

ማጣቀሻውን «ለጽሑፍ ውበት» ብሎ የሚያወጣም አለ። ለምን እንደማልስማማ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። «አነስተኛው የምግብ ስብጥር» የሚባል መለኪያ አለ፤ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ላሉ ሕፃናት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. መመሪያ ሕፃኑ ከሰባት የምግብ ምድቦች አራቱን ካገኘ አሟልቷል ይባል ነበር። በ2021ዱ መመሪያ የእናት ጡት ወተት እንደ አንድ ምድብ ተጨምሮ ከስምንት አምስት ሆኗል። አማርኛው ላይ ሁለቱም «አነስተኛው የምግብ ስብጥር» ናቸው። የቱ እንደሆነ የሚነግረን ያቺ ቅንፍ ውስጥ ያለች ቁጥር ብቻ ናት። እሷን ያወጣ የሁለት ጥናቶችን ውጤት አላግባብ እንዲነጻጸር በር ከፈተ።

የስምና የዓመት ዘይቤ የሚጠቀም ጽሑፍ ከሆነ የበለጠ ይከብዳል፤ በተለይ ደራሲዎቹ ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ። አበበ ከበደ የሚባል ተመራማሪ አለ እንበል። የውጭ መጽሔት ገልብጦ `Kebede A` ያደርገዋል። እኛ መልሰን «ከበደ (2019)» ብለን ስንጽፍ የጠቀስነው አባቱን ነው። አማርኛ አንባቢ ደግሞ ይህን ወዲያው ያየዋል። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ ያለው ልማድ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም መጥቀስ ነው፤ «አበበ ከበደ» ተብሎ ሳይገለበጥ።

ግን ስሙን በፊደላችን መጻፍ ራሱ ግምት ነው። በላቲኑ `T` የምትለው ፊደል ጥላሁን ውስጥ ጥ፣ ተስፋዬ ውስጥ ተ ናት። `Haile` ኃይሌ ነው ወይስ ኃይለ? ደራሲው ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ ካላወቅን የፈጠርነው ስም ነው። ለዚህ ሁለቱን ማጣመር ነው የሚሻለኝ። በጽሑፉ መሀል ስሙን በአማርኛ በሙሉ እጽፈዋለሁ፤ ዋቢ ዝርዝሩን ግን አልነካውም። ስሙ፣ ርዕሱ፣ መጽሔቱና `https://doi.org/` ብሎ የሚጀምረው አድራሻ በታተመበት ፊደል ይቆያል። ዋቢ ዝርዝርን መተርጎም ለማንም አይጠቅምም። ጽሑፉን ፈልጎ የሚያገኘው ሰው የሚፈልገው በዚያው በላቲኑ ነውና። ሁለቱን ለማገናኘት በአማርኛ ስም መጨረሻ ላይ የዝርዝሩን ተራ ቁጥር ማስቀመጥ ይበቃል።

ዓመቱስ? ማጣቀሻ ውስጥ ያለ ዓመት አይቀየርም። መቀየርም ብትፈልጉ ዓመቱ ብቻውን አይበቃችሁም። በ2019 የታተመ ጽሑፍ ከጥር እስከ ነሐሴ ከወጣ 2011 ነው፤ ኅዳር ላይ ከወጣ 2012። ስለዚህ ማጣቀሻዎች ሁሉ እንዳሉ ይቀመጡና መግቢያው ላይ «በቅንፍ ያሉ ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው» ተብሎ አንዴ ይጻፍ። መረጃው የተሰበሰበበት ጊዜ ግን ሌላ ነው። ጥናቱ ወሩን ከተናገረ ለአንባቢው በእኛ አቆጣጠር መስጠት ይጠቅመዋል፤ ክረምት ነበር ወይስ አዝመራ የሚለው ለምግብ ጥናት ትልቅ ነገር ነው። እሱንም ቢሆን ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉት።

ሙሉውን ወይስ አኅፅሮቱን?

ይህን የሚወስነው አንዳንዴ ፈቃድ ነው። ጽሑፉ ላይ ያለው የፈቃድ ምልክት `CC BY` ከሆነ ምንጩን ጠቅሳችሁ፣ ትርጉም መሆኑንም ገልጻችሁ ማሰራጨት ትችላላችሁ። `CC BY-ND` ከሆነ ትርጉም እንደ ለውጥ ስለሚቆጠር ያለ ፈቃድ ማሰራጨት አይቻልም። ምልክቱ ከሌለ አሳታሚውን መጠየቅ ነው። ፈቃድ ካለም ለወረዳ ባለሙያ ሙሉውን ከመተርጎም አኅፅሮቱን፣ ዋናውን ሰንጠረዥና ደራሲዎቹ የጥናታችን ውስንነት ነው ያሉትን ክፍል መተርጎም ይሻላል እላለሁ። የውስንነቱ ክፍል ሁሌም ተረስቶ ይቀራል፤ «ተያያዥ» እና «መንስኤ» የሚለው ልዩነት ግን በግልጽ የሚነገረው እዚያ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። መጀመሪያ የፊደል መንታዎችን እፈትሻለሁ። አንዱን ስም አንድ ቦታ በጸ፣ ሌላ ቦታ በፀ ጽፌው ከሆነ ተራው ፍለጋ አንዱን ብቻ ነው የሚያገኝልኝ። ሊብሬኦፊስ ላይ በመደበኛ አገላለጽ መፈለግን አብርቼ እንዲህ እጽፋለሁ፦

```
[ጸፀ]ጋዬ
[ሕህኅ][ፃጻ]ን
```

ሁለተኛው የቁጥር ንባብ ነው። አንድ ሰው አጠገቤ ይቀመጣል። እኔ ከአማርኛው ቁጥሮቹን ብቻ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ መቶኛውን፣ ክልሉን፣ ዓመቱን፣ የማጣቀሻውን ቁጥር። እሱ በዋናው ላይ በእርሳስ እየተከተለ ምልክት ያደርጋል። መጨረሻ ላይ በዋናው ላይ ምልክት ያላገኘ ቁጥር ካለ ዘልዬዋለሁ ማለት ነው። እኔ ያነበብኩት እሱ ዘንድ ከሌለ ደግሞ እንደዚያ «ዓ.ም.» ከእኔ የመጣ ነው።